«ሐይቅ» ብለው ቢፈልጉ አርመን የሚያገኙበት ምክንያት

ስልክዎን ያውጡና ኢንስታግራም ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል #Hayk ብለው ይፈልጉ። ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችውን ከተማ፣ ሰፊውን ውሃና የእስጢፋኖስን ገዳም ጠብቀው ከሆነ ያዝናሉ። የሚመጣልዎት አብዛኛው ነገር የአርመን ነው። ሃይክ አርመኖች የሕዝባችን አባት ነው ብለው የሚተርኩት ጀግና ነው፤ ራሳቸውንም የሚጠሩት ከእሱ ስም ጋር በሚዛመድ ቃል ነው፤ ዛሬም ልጆቻቸውን ሃይክ ይሏቸዋል። ስለዚህ የሙሽሮች ፎቶ፣ የልደት ኬክ፣ የጂም ቪዲዮ ይደረደርልዎታል።

እሺ ብለው በራሳችን ፊደል #ሐይቅ ብለው ቢፈልጉስ? አሁን ደግሞ ጣና፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ ይመጣሉ። የከተማዋ ስም «ሐይቅ» ነው፤ ውሃውም ሐይቅ ነው፤ የአገሬው ሰው «ሐይቅ ሐይቅ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተር ግን ይህን ቅኔ አይፈታም። በሁለት ፊደል የተጻፈ አንድ የቦታ ስም በሁለቱም መንገድ ሌላ ቦታ ይወስደናል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በሥራዬ የምጨነቀው ስለ ምርት ሃሽታግ ቢሆንም፣ ዘመድና ወዳጅ ሲሰበሰብ የምጠየቀው ግን ስለ ሌላ ነው፤ የጥምቀት ቪዲዮ፣ የግሸን ጉዞ፣ የመውሊድ መንዙማ። «ለፍቼ ቀርጬ ለጠፍኩት፤ ከቤተሰቤ በቀር ያየው የለም» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ቪዲዮው ላይ ሳይሆን ከሥሩ በተደረደሩት ሃያ ሃሽታጎች ላይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሃሽታግ ተአምር አይሠራም። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ራሱ ሃሽታግ ተመልካችን ያን ያህል እንደማይጨምር ደጋግሞ ተናግሯል። ታዲያ ለምን እንደክማለን? ሃሽታግ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ለመተግበሪያው ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነ መንገር ነው። ሁለተኛው ነገሩን ፈልጎ ለመጣ ሰው መገኘት ነው። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ መተግበሪያው ከንግግሩም ከጽሑፉም ብዙ ይረዳ ነበር። በአማርኛ ሲሆን ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከእኛ የሚፈልገው እርዳታ ይበዛል። ያ እርዳታ ትክክል ከሆነ ይጠቅማል፤ ከተሳሳተ ደግሞ ቪዲዮውን ለአርመን ሙሽሮች ያሳያል።

ሰፊው፣ ጠባቡ እና የቋንቋው

ጥሩ የሃሽታግ ስብስብ ሦስት ዓይነት ቃል ያቀላቅላል። የመጀመሪያው ሰፊው የእምነት ቃል ነው፤ #Faith፣ #Prayer፣ #Orthodox፣ #Islam የሚሉት። እነዚህ እንደ መርካቶ ናቸው፤ ሰው ሞልቷል፣ ግን ማንም እርስዎን ፈልጎ አልመጣም። #Orthodox ብቻውን ቢጻፍ የግሪክ፣ የሩሲያ፣ የሰርቢያና የሩማንያ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ አልፎ ተርፎም ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁዶች ይመጣሉ። በየደቂቃው አዲስ ነገር ስለሚለጠፍ የእርስዎ ወዲያው ይሰምጣል። ስለዚህ ከሰፊው አንድ ብቻ፣ እሱም ድንበር ያለው ይበቃል። #EthiopianOrthodox ለምሳሌ ሰፊ ነው፣ ግን የማን እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው ጠባቡ ነው፤ የአንድ ገዳም፣ የአንድ በዓል፣ የአንድ ዜማ ስም። #GishenMariam ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል። ወይ ሊሄድ አስቧል፣ ወይ ሄዶ ተመልሷል፣ ወይ መሄድ እያማረው ውጭ አገር ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ያያል፤ መንገዱን ይጠይቃል፤ ለእናቱ ይልካል። አሥር እንዲህ ያሉ ሰዎች በጣታቸው ገፍተው ከሚያልፉ ሺህ ሰዎች ይሻላሉ፤ መተግበሪያውም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው።

ጠባብ ሃሽታግ ደህና መሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሃሽታጉን ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ምስሎች ይዩ። የእርስዎ ምስል አሥረኛ ሆኖ ቢገባ ባዕድ ይመስላል ወይስ የቤተሰቡ አባል? ባዕድ ከመሰለ ይተዉት። ቀጥሎ ምስሎቹ የተለጠፉበትን ቀን ይዩ፤ የመጨረሻው የተለጠፈው ከዓመት በፊት ከሆነ ሃሽታጉ ጠባብ ሳይሆን ባዶ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የቋንቋው ሃሽታግ ነው። እዚህ ላይ ፊደል መምረጥ ማለት ትውልድ መምረጥ ነው። በፊደል #ወሎ ብለው ሲጽፉ የሚያገኝዎ አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው። በላቲን #Wollo ብለው ሲጽፉ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዶ አማርኛ የሚሰማ፣ ጥቂት የሚናገር፣ ፊደል ግን የማያነብ የልጅ ልጅ ያገኝዎታል። አያቱ ያደገችበትን አገር ሲፈልግ የሚጽፈው በሚያውቀው ፊደል ነው። ለብዙ ቤተሰብ ዋናው ተመልካች ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ቦታ ካነሰብዎት ከሰፊው ይቀንሱ እንጂ ከሁለቱ ፊደሎች አንዱን አይቀንሱ።

የሀ እና የሐ ጣጣ

አማርኛ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጽፋል። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለሃሽታግ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተዋሕዶ እና ተዋህዶም እንዲሁ። ሥላሴና ስላሴ፣ ፀሎትና ጸሎት፣ ዐቢይ ጾምና አብይ ፆም፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። ግሸንና ግሼንም አሉ። «መውሊድ» እና «መዉሊድ»ን ደግሞ በዓይን እንኳ ለመለየት ይከብዳል፤ አንዱ ው ሌላው ዉ ነው።

የተማረው አጻጻፍ የትኛው እንደሆነ አንባቢዎቼ ያውቃሉ። ችግሩ በስልክ የሚጽፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመጣለትን ሀ ነክቶ ማለፉ ነው። የእኔ ደንብ እንዲህ ነው፤ በመግለጫው ጽሑፍ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ እጠቀማለሁ፤ በሃሽታጉ ላይ ግን ሁለቱንም ፈልጌ ሕያው የሆነውን እመርጣለሁ። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ።

በላቲን ሲጻፍ ሌላ ወጥመድ አለ። የእስጢፋኖስን ገዳም ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉትን የ13ኛውን ክፍለ ዘመን አባት፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን ስም ተመራማሪዎች Iyasus Mo'a ብለው ይጽፉታል። ይህን እንዳለ ሃሽታግ ካደረጉት ጭረቷ ላይ ይቆረጥና #IyasusMo ብቻ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ተራ ጽሑፍ ሆና ትንጠለጠላለች። ጭረቷን ማስወጣት ነው፤ #IyasusMoa ይሆናል። በአማርኛም ባዶ ቦታ ሃሽታግን ይቆርጣል፤ #ግሸን ማርያም ብለው ቢጽፉ የሚያዘው ግሸን ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ (፡) ቢያስገቡም ያው ነው። ወይ አያይዞ #ግሸንማርያም፣ ወይ በሥር ሰረዝ #ግሸን_ማርያም ይጻፋል፤ ግን እነዚህም ሁለት የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው። በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት አያመጣም፤ #GishenMariam እና #gishenmariam አንድ ናቸው። ትልቁ ፊደል የሚጠቅመው ለአንባቢው ዓይን ነው።

አንድ ቪዲዮ፣ ከሃያ ወደ አምስት

የሐይቅ ተወላጅ የሆነች ባልደረባ አለችኝ። ቤተሰቧን ይዛ ለጥየቃ ሄዳ ሃምሳ ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ቀርጻ ነበር። ጠዋት ውሃው ላይ ጀልባ፣ ከዛፎቹ መሐል የሚታየው ገዳም፣ ባሏና ወንድ ልጇ ወደ ውስጥ ሲገቡ፤ እሷና ሴት ልጇ ከደጅ ሲቀሩ። የእስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ነውና ሴት አትገባም። ሴት ልጇ «እኛስ?» ስትል ይሰማል። ለእኔ የቪዲዮው ውበት እዚያች ጥያቄ ላይ ነበር። ከሥሩ ግን ሃያ ገደማ ሃሽታግ ተሰልፏል።

«ለምን አታሳጥሪውም?» አልኳት።

«ብዙ በር ካንኳኳሁ አንዱ አይከፈትልኝም?» አለችኝ።

ኢንስታግራም ለረጅም ጊዜ እስከ 30 ሃሽታግ ሲፈቅድ ስለኖረ ይህ አስተሳሰብ የብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ3 እስከ 5 መጠቀም እንደሚሻል መክሯል። እኔም ለአምስት ብቻ ነው የምሠራው፤ አምስት ብቻ ሲፈቀድ ሰው ያስባል።

አብረን መሰረዝ ጀመርን። #love፣ #viral፣ #fyp፣ #travel ወዲያው ወጡ፤ ስለ ቪዲዮው ምንም አይናገሩም። #God ወጣ። #Hayk በአርመኖች ምክንያት ወጣ። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር በአንድ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ናት። ስለዚህ #Hayk እና #Orthodox አንድ ላይ ሲቀመጡ ነገሩ የበለጠ አርመን አርመን ይሸታል። #StStephen የሚለውን ልትለቀው አልፈለገችም፤ «የገዳሙ ስም እኮ ነው» አለች። ከፈትነው። ቪየና ያለው ትልቁ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ተደረደረ። በምዕራባውያኑ ዘንድ በዓሉ የሚውለው ከገናቸው ማግስት ዲሴምበር 26 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ነው። ቀኑም ቦታውም አይገናኝም፤ ወጣ።

#Ambassel የሚለው ላይ ትንሽ ቆየን። አምባሰል አጎራባች ወረዳ ነው፤ ግሸንም እዚያ ነው ያለችው። ግን አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር። ሃሽታጉን የሚፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ ክራርና ማሲንቆ ሊሰማ ነው የመጣው። (ባቲም እንዲሁ ናት፤ ቅኝቷም የገበያ ከተማዋም በአንድ ስም ይጠራሉ።) የእሷ ቪዲዮ ላይ ሙዚቃ የለም፤ የውሃ ድምፅ ነው። ወጣ። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ነገር ቢኖርበት ኖሮ ግን ከሁሉ በፊት የማስገባው እሱን ነበር።

የቀረው ይህ ነው፤

#EthiopianOrthodox #LakeHayk #ሐይቅእስጢፋኖስ #ወሎ #Wollo

የመጀመሪያው ሰፊው ነው፤ የኢትዮጵያ ገዳም መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው Lake የምትለዋን ቃል በማስቀደም አርመኖቹን ይለያል፤ ውሃው በላቲን Haik፣ Hayq፣ Haiq ተብሎም ስለሚጻፍ አራቱንም ከፍቶ ሕያው የሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጠባቡ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ማያያዙ ሌላውን ሐይቅ ሁሉ ያስወጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የቋንቋ ናቸው፤ አንዱ ለሚያነበው፣ አንዱ ለማያነበው።

የወጡት ቃላት ግን ሁሉም አልተጣሉም። ፍለጋ የመግለጫውን ጽሑፍም ስለሚያይ ደሴን፣ ኢየሱስ ሞዐን፣ ገዳሙ ድሮ ደሴት እንደነበረና ዛሬ ከየብስ ጋር እንደተገናኘ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈችው። ይህ ለሰውም ይጥማል። የሃሽታግ ሰልፍ የሚያነብ ሰው አላየሁም፤ ታሪክ ግን ሰው ያነባል።

ጎረቤት ቤት ያለው መንዙማ

ወሎ ላይ ሆኖ ስለ አንድ እምነት ብቻ ማውራት አይቻልም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ። የመውሊድ መንዙማ ለቀረጸ ቤተሰብም መንገዱ ያው ነው፤ ወጥመዶቹ ግን ሌሎች ናቸው። #Islam ማለቂያ የለውም። #Mawlid ከግብፅ እስከ ፓኪስታን ያለው ሁሉ የሚጠቀምበት ስለሆነ ሰፊው ቃል እሱ ይሁን። #Menzuma ግን ድንቅ ጠባብ ሃሽታግ ነው፤ በዚህ አጻጻፍ የእኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ነውና «በዐረብኛ ፊደል ብጽፈው የዐረቡ ዓለም ያየኛል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እንዳይሞክሩት። ያ ቃል በዛሬው ዐረብኛ በብዛት የሚያገለግለው «ሥርዓት» ለማለት ነው፤ የአየር መከላከያ ሥርዓት ሲባል ጭምር። ለነቢዩ ውዳሴ የፈለገ ሰው ሚሳይል ያያል። በላቲን #Menzuma፣ በፊደል #መንዙማ፣ ከዚያም #ወሎ እና #Wollo ይበቃሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ተመልካች ይበዛልኛል ብሎ በገዳሙ ቪዲዮ ሥር #መንዙማ፣ በመንዙማው ሥር #ተዋሕዶ ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ ቪዲዮ ውስጥ እውነት ካሉ፣ ለምሳሌ አንድ ሠርግ ላይ ሁለቱም ቤተሰብ ከታየ፣ ያስደስታል። ከሌሉ ግን ዜማ ሊሰማ የመጣውን ሰው ማታለል ነው፤ በአስተያየት መስጫው ላይ የሚከተለው ንትርክ ደግሞ ቪዲዮውንም ሰዎቹንም ያበላሻል። የምርት ማስታወቂያ ላይ የበዓል ሃሽታግ መለጠፍም ከዚሁ ይቆጠራል። እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልቀበልም፤ በግሸን ስም ሳሙና ሲሸጥ ያየ ሰው ሳሙናውን አይገዛም።

ቀኑ ሲደርስ

የበዓል ሃሽታግ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርማል። #ግሸን የሚነቃው የመስከረም 21 በዓል ሲቃረብ ነው። የሚጓዘው ሰው ስለ መንገዱ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ዳገቱ የሚፈልገው ከበዓሉ በፊት ስለሆነ፣ አምና የተቀረጸን ጥሩ ቪዲዮ ከሳምንት በፊት መለጠፍ በበዓሉ ማታ ከሺዎች ጋር ከመጋፋት ይሻላል። ለውጭ አገር ዘመድ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠርም ይጻፉ፤ ኦክቶበር 1 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ደግሞ ኦክቶበር 2። መስቀል በ2013፣ ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገቡ ወዲህ የውጭ ሰዎችም በላቲን ይፈልጓቸዋል፤ እዚያም Timket እና Timkat ሁለት ናቸው።

መተግበሪያው ሲለወጥ ልማዱም ይለወጣል። ዩቲዩብ ላይ ከመግለጫው ሃሽታጎች ከርዕሱ አጠገብ የሚታዩት ቢበዛ ሦስት ናቸው፤ ከ60 ካለፉ ደግሞ ሁሉንም ችላ ይላቸዋል። የቤተሰብ የቴሌግራም ቻናል ላይ ሃሽታግ እንደ መደርደሪያ ያገለግላል፤ #ግሸን የሚለውን ሲነኩ የሦስት ዓመቱ የጉዞ ፎቶ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። እዚያ ከሆነ ተመልካች ማብዛቱ ቀርቶ አንድ አጻጻፍ መርጦ እሱን ብቻ መጠቀም ነው።

ሠርቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የመውደድ ቁጥር አይበቃም። ገጽዎ የባለሙያ ዓይነት ከሆነ ቪዲዮውን ካዩት ውስጥ ስንቱ ከተከታዮችዎ ውጭ እንደሆኑ ያሳያል፤ ያንን ይዩ። ከዚያ አስተያየቶቹን ያንብቡ። የማያውቁት ቋንቋ ከበዛ አንዱ ሃሽታግ ወደ ሌላ አገር እየወሰደዎት ነው። «በየት በኩል ነው የሚኬደው?»፣ «አያቴ የዚያ አገር ሰው ናት» የሚል ከመጣ ደርሷል። አንድ ስብስብ ለአራት ወይም ለአምስት ቪዲዮ ሳይነኩ ይጠቀሙ፤ ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ይቀይሩ። ሁለት ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም።

ባልደረባዬ አምስቱን ስልኳ ማስታወሻ ላይ አስቀምጣለች። ቀጣዩ ዕቅዷ ግሸን ነው፤ እዚያ ሴት ልጇም ትገባለች። ለዚያ #LakeHayk ይወጣና #GishenMariam ይገባል፤ ለ#ሐይቅእስጢፋኖስ ምትክ ግን #ግሸንማርያም ይሁን #ግሸን_ማርያም ገና አልወሰነችም። ነሐሴ ላይ ሁለቱንም ከፍተን እናያለን ተባብለናል።